ሄዊዬ ስልክሽን ባታነሺም ይቺን አንብቢ

ሄዊ የኔ ቆንጆ፣ ስልክ እንደማታነሺ ስለገባኝ ነው ቴክስት ያደረኩልሽ። መልስ አልፈልግም፣ ብርድ ልብስሽ ውስጥ እንዳለሽ ዝም ብለሽ አንብቢው፣ ብቻ እያለቀስሽ ከሆነ መጀመሪያ ስክሪኑን ጥረጊው።

ዋናውን ዜና ልንገርሽ፣ በጉ በጣም ደስ ብሎታል። ማዘር ለኤግዚት ኤግዛምሽ ብለው ቀድመው የገዙት በረንዳ ላይ የታሰረው በግ አለ አይደል፣ ማለፊያው ሃምሳ ሆኖ 48 መጣ ሲባል በጠቅላላ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ያልደነገጠው እሱ ብቻ ነው፣ እድሜው እስከሚቀጥለው ዙር ተራዘመለታ! ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ ቀና ብዬ ሳየው አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ሰፈሩን ቁልቁል እያየ ጎመን ያኝካል፣ እጣ የወጣው ለሱ ነው በቃ። ከወንድምሽ ጋር ስም አውጥተንለታል፣ ሪኤግዛም ብለነዋል። ሲጠሩት ዞር ይላል ደግሞ 😂

እትዬ አስካለን ብታያቸው ደግሞ። ደረጃ ላይ ያዙኝና «እውነት ሁለት ብቻ ነው የጎደላት?» አሉኝ፣ አዎ ስላቸው «ባለ ሱቅ እንኳን መልስ ሁለት ብር ሲጎድለው ማስቲካ ይሰጣል፣ እነዚህ እንዴት አንድ ማስቲካ ያጣሉ?» ብለው ጮሁ። የምራቸውን ነው የተናደዱልሽ፣ ከሰዓት ቡና ላይም ይሄንኑ ሲሉ ነበር አሉ፣ የሚፈርሙበት ወረቀት ቢኖር ብሎኩን በሙሉ አስፈርመው ያድሩ ነበር።

ትናንት ማታ «እኔ ለአካውንቲንግ አልተፈጠርኩም» ብለሽ የላክሽልኝን ግን አልቀበልሽም። የብሎካችንን የውሃ ሞተርና የጥበቃ ብር የያዝሽው ማነሽ? ካንቺ በፊት እኮ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ደብተሩ ላይ የነበረው የሽንኩርት ዋጋ ነው። ጋሽ ታደሰን «የሦስት ወር የጥበቃ አለብዎት» ብለሽ ደረጃ ላይ ያስቆምሻቸውን ረሳሽው እንዴ፣ ሰውዬው እስከዛሬ የጫማሽን ድምፅ ሲሰሙ በር ሳይንኳኳ ኪሳቸውን መፈተሽ ይጀምራሉ። መቶ ጥያቄ ሲያወጡ ስለ ጋሽ ታደሰ አንድ እንኳን አለመጠየቃቸው ነው የጎዳሽ። ሁለት ቢጠይቁ አልፈሽ ነበር።

ደሞ ብቻሽን የወደቅሽ አይምሰልሽ። 2015 ላይ ፈተናው ሲጀመር ከ150 ሺህ በላይ ሰው ተፈትኖ ሃምሳ የሞላለት 40 በመቶ አካባቢ ነው። እታች ያለው ነርስ ራሱ የዛን ጊዜ ወድቆ ደግሞ ተፈትኖ ነው ያለፈው፣ ለሰው አያወራም እንጂ፣ አሁን ግን ሰፈሩ በሙሉ ግፊቱን የሚለካው እሱ ጋ ነው ማንም ስንት አመጣህ ብሎት አያውቅም።

አንቺ ደግሞ በፈተናው ዋዜማ ውሃ ሌሊት መጥቶ ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ስታወጪ ነው ያደርሽው፣ ከዛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ፣ ከዛ ቃሊቲ ላይ ሌላ ሰልፍ፣ ከዛ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ። በዛ እንቅልፍ 48 ማምጣትሽ ይገርመኛል፣ እየደለልኩሽ አይደለም ሄዊ፣ እውነቴን ነው የማወራሽ።

ስለዚህ ቀጣዩ ዙር ሲደርስ ጀሪካኑን እኔና ወንድምሽ ነን የምንሸከመው፣ አንቺ ትተኛለሽ፣ ተነጋግረን ጨርሰናል እሱ ትንሽ አኩርፏል ግን እሺ ብሏል። የጎዱሽ ኮስትና ታክስ ናቸው አይደል ያልሽው፣ ብሉፕሪንቱን ፕሪንት አስደርጌዋለሁ፣ ያለፉት ጥያቄዎች ቴሌግራም ላይ ስላሉ እሱን አብረን እንሰራለን፣ መብራት ከጠፋ ፓወር ባንክ አለኝ። ግን ዛሬ አይደለም፣ በዚህ ሳምንትም አይደለም፣ ዛሬ ደብተር ስትነኪ እንዳላይሽ።

ማዘር ደግሞ የተናደዱብሽ እንዳይመስልሽ። ለእማዬ ደውለው «ልጄ እህል አልቀመሰችም» ነው ያሉት፣ ስለ ፈተናው አንድ ቃል አልተነፈሱም። እባክሽ ወጥተሽ አንድ ጉርሻ ብይላቸው፣ ተቆጥተውሽ ቢሆን ይሻል ነበር፣ እሳቸው ግን በርሽ ላይ ቆመው ነው የሚያዳምጡት።

ማታ 12 ሰዓት እመጣለሁ። ታክሲ ማዞሪያው ጋ የምትጠብሰዋን ሴትዮ የምስር ሳምቡሳ ይዤ፣ ከነዳጣው፣ ሁለታችንም እስክንጠግብ። ተኝቻለሁ ምናምን ብለሽ በሩን ካልከፈትሽ ጋሽ ታደሰን ነው ይዤ የምመጣው፣ «ሂሳብ ልከፍል ነው» ብለው ያንኳኳሉ፣ እንደማውቅሽ ደረሰኝ ይዘሽ ሮጠሽ ነው የምትከፍቺው 😘