ለአያትሽ የተጻፈው ደብዳቤ ትርጉም፣ ያጠራጠሩኝን ቃላት ምልክት አድርጌባቸዋለሁ

ቤቲዬ፣ በቴሌግራም የላክሽልኝን ፎቶ ተርጉሜዋለሁ። መጀመሪያ ምልክቶቹን ልንገርሽ። [?] ካየሽ ከፊቱ ያለውን ቃል አንብቤዋለሁ ግን አልማልበትም። [...] ካየሽ ምንም አልተነበበኝም። በመሐሉ ሰረዝ ያለበት ደግሞ ሁለት ንባብ አለው፤ ለአንዱ አላደላሁም።

*

ሱሉልታ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷[...]

ለምወድሽ እህቴ ለአስካለ፣

እንዴት ከረምሽ? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ዓይኗ ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ናት። ድምፅሽን የሰማች ይመስል ስምሽን እየጠራች ትውላለች።

የላክሽው ፲፭ [?] ብር ደርሶኛል። ጨውና [...] ገዛሁበት። ገብሱ ጥሩ ይዞ ነበር፤ የወንዙን ዳር ግን ውርጭ መታው። ጊደሯ ወልዳለች።

መሬቱ ለሚያርሰው ሆኗል። የገበሬ ማኅበር አቁመናል። እኔንም [ጸሐፊ?] አድርገውኛል። ያ የምናርስለት ሰውዬ ወደ ከተማ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

በቀለ በመስቀል ማግስት [መጣ / ሞተ]። እናታችን ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። አንቺ ስለሌለሽ ልቤ አዘነ። የእሱን [...] እኔ ዘንድ አስቀምጬዋለሁ፤ ስትመጪ ታዪዋለሽ።

ይህን ደብዳቤ የያዘልሽ ድርቆሽ የሚጭነው [...] ነው። ቅቤ ልኬልሻለሁ፤ ተቀበዪው። እባክሽ ለገና ነይ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ደበላ

*

አሁን ስለ በቀለ። ጉዳዩ ይኸው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

ደብዳቤው ኦሮምኛ ነው፤ የተጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነው። ቁቤ በ1984 ከመግባቱ በፊት ብዙ ሰው እንደዚያ ነበር የሚጽፈው። በኦሮምኛ «መጣ» ዹፌ ነው፣ «ሞተ» ዱኤ። ጠንቅቆ የሚጽፍ ሰው ለመጀመሪያው ዸን ይጠቀማል። ደበላ ግን ዸን በጭራሽ አይጽፍም፤ ለሁለቱም ድምፅ ደን ነው የሚጽፈው። «ቅቤ» የሚለውንም ቃል እንዲያ ነው የጻፈው። ስለዚህ መጀመሪያው ፊደል አይለይልንም። ሁለተኛው ፊደል ደግሞ ልክ ወረቀቱ የታጠፈበት ላይ ወድቋል። የቀረችው ከእግሩ ሥር ያለችው ቀለበት ናት። ቀለበቷ ፌም ላይ አለች፣ ኤም ላይ አለች።

ዙሪያውንም አየሁት። እናት ልጇ ሲመጣም ታለቅሳለች፣ ሲሞትም ታለቅሳለች። ጎረቤት ለሁለቱም ይሰበሰባል። «የእሱን» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቃል ቢነበብ ሊረዳን ይችል ነበር፤ እሱም ቀለሙ ፈስሶበታል።

ቤተሰቡ ውስጥ «ያኔ ነው የሞተው» እየተባለ እንደሚወራ ነግረሽኛል። እንደዚያ ብለህ ጻፈው ማለትሽም ከክፋት አይደለም። ግን እኔ «ሞተ» ብዬ ብጽፍ ወሬው በደብዳቤ የተረጋገጠ ይመስላል። ነገ ልጆችሽ «ደበላ ራሱ ጽፎታል» ይላሉ። ደበላ ምን እንደጻፈ ግን ገና አላየንም። የሰው ሞትና ሕይወት ነውና እዚህ ላይ አልደፍርም። ለእናትሽ ስታነቢላት ሁለቱንም ንገሪያት። እሷ የምታስታውሰው ነገር ካለ ከትርጉሙ ጋር ሳትቀላቅዪ ለብቻው ጻፊው፣ ማን እንዳለውም ጨምሪበት።

ዓመተ ምሕረቱን በተመለከተ፣ የመጨረሻው አኃዝ ጠፍቷል። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። ደብዳቤው የጥቅምት ስለሆነ ከ1968 በፊት ሊሆን አይችልም። ፷ው ደግሞ በደንብ ስለሚታይ ከ1969 አያልፍም። ይህ ግን የእኔ ስሌት ነው፤ ትርጉሙ ውስጥ ያላስገባሁት ለዚህ ነው።

«ጸሐፊ» ያልኩት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት አይቼ ነው። ብሩም ፲፭ ይመስላል፤ ፲፮ም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ወረቀቱ አቃቂ እናትሽ ጋ ካለ ድጋሚ አንሺው። ጠዋት መስኮት አጠገብ አድርጊው፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣለት፣ ፍላሽ አትጠቀሚ። እጥፋቱን በእጅሽ ቀስ ብለሽ ዘርጊው እንጂ ካውያ እንዳታስነኪው፤ ፕላስተርም አትለጥፊበት። እጥፋቱን ብቻ ለይተሽ በቅርበት አንሺልኝ። ጀርባውንም አንሺው፤ ደበላ እስክሪብቶውን ተጭኖ የሚጽፍ ሰው ነው፣ የፊደሉ ቅርጽ ከጀርባ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ፎቶውን ደግሞ ጥራቱ እንዳይቀንስ እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪው።

ጋሽ ገመቹ፣ ሱሉልታ