የአርብ ማታ የአዳር ጸሎት መርሐ ግብር

ለሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፣ ደብረ ማርቆስ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. አርብ ማታ በአዳራሻችን ለጸሎት እናድራለን። ጾመ ነቢያት ነውና ንባቦቹም የነቢያቱን ተስፋ ተከትለው ተመርጠዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተገኙ። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ያለው ጋቢውን ይያዝ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ጧፍ ተዘጋጅቷል።

2፡30 ላይ የንስሐ አባታችን በጸሎት ይከፍቱልናል። የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይደርሳል። ከዚያ ዳዊት እንጀምራለን። አሥራ አምስቱን ንጉሥ በሙሉ እንድገም ያላችሁ ነበራችሁ። 150 መዝሙር በአንድ ሌሊት ለለመደ እንጂ ለእኛ ሩጫ ይሆንብናል። ስለዚህ አራት ንጉሥ ብቻ እንደግማለን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የአብነት ተማሪዎች በግዕዝ ይመሩናል፤ ግዕዙ የከበደው በአማርኛ ይከተል።

4፡30 ላይ ኢሳይያስ 9 እና ሚክያስ 5 ይነበባሉ። አንባቢ ቀስ ይበል፤ ማይክ አንጠቀምም። ከንባቡ በኋላ ማብራሪያ የለም።

ከ5 እስከ 5፡40 አርምሞ ነው። አንድ ጧፍ ብቻ ይበራል። ዝም ብሎ መቀመጥ መጀመሪያ ላይ ይጨንቃል፤ ሐሳብ ወደ ፈተና፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤት ይሮጣል። ሲሮጥባችሁ አትናደዱ። «አቤቱ ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ማረኝ» እያላችሁ መልሱት። ያንቀላፋን አንቀስቅስ። ጌቴሴማኒ ላይ ሐዋርያቱም ተኝተው ነበር፤ ጌታ ግን «መንፈስስ ተዘጋጅታለች ሥጋ ግን ደካማ ነው» አላቸው። ስልክ ግን ይጠፋ፣ «ሳይለንት» ማድረግ አይበቃም።

ከዚያ አንድ ንጉሥ ዳዊት ደግመን 6፡30 ላይ እናርፋለን። ሻይና ቆሎ አለ። ለመቁረብ ያሰባችሁ ግን ውኃም እንዳትቀምሱ፣ 18 ሰዓቱን ጠብቁ። እስከ 8፡30 መተኛት ይቻላል፤ እህቶች በመዘምራን ክፍል፣ ወንድሞች አዳራሹ ውስጥ። ሁለት ሁለት ሆነው በየተራ የሚጠብቁ ተመድበዋል። ማንም በሌሊት ብቻውን ወደ ቤት አይሂድ፤ የታመመ ካለ ለተረኞቹ ይንገር።

8፡30 ላይ ፊታችንን ታጥበን ሉቃስ 1 ከቁጥር 26 እስከ 56 ይነበባል። ቀጥሎ የልመና ጸሎት ነው፦ ለታመሙ፣ ለሀገር ሰላም፣ አዝመራ ለሚሰበስቡ ገበሬዎች፣ ላንቀላፉ ወገኖች። ስም ማስጠራት የምትፈልጉ በወረቀት ጽፋችሁ ቀድማችሁ ስጡ፣ አለዚያ አንድ ሰዓት ይፈጅብናል። ለቅዳሜ አጥቢያ ስለሆነ የንስሐ ስግደት የለም። መቆም የማይችል ይቀመጥ፤ መቋሚያም አለ።

9፡45 ላይ እንደገና አርምሞ፣ አጠር ያለ። 10፡15 ላይ የመጨረሻውን ንጉሥ፣ ከ141 እስከ 150 እንደግማለን። ምስጋናው ስለሚበዛ ለንጋት ያቆየነው ነው።

11 ሰዓት ላይ አዳራሹን ጠርገን ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንገባለን፣ ከዚያም ቅዳሴ።

የጸሎት ክፍል