በ3ኛ «ለ» ክፍል ስለታየው ኩፍኝ ለርዕሰ መምህር የተጻፈ ደብዳቤ

ቀን፦ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ በኩፍኝ የተያዘች ተማሪን፣ ከክፍል የሚቀሩ ልጆችንና ነገ የሚሰጠውን ክትባት ይመለከታል

ዛሬ ጠዋት በስልክ የነገርኩዎትን በጽሑፍ ላረጋግጥልዎ ነው። የ3ኛ «ለ» ተማሪዎ ከእናቷ ጋር መጥታ መርምሬያታለሁ። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳልና የቀላ ዓይን አላት፤ ሽፍታው ዛሬ ንጋት ከጆሮዋ ኋላ ጀምሮ ፊቷን አዳርሷል። አፏን ከፍታ በባትሪ ሳይ በጉንጯ ውስጠኛ ክፍል ጨው የተበተነበት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ አገኘሁ፤ ይህ የኩፍኝ ምልክት ነው። ደም ወስደን ወደ ላቦራቶሪ ልከናል፣ ለከተማው ጤና መምሪያም ዛሬውኑ ሪፖርት አድርገናል። ውጤቱን ግን አንጠብቅም፤ ለምን እንደማንጠብቅ ከታች ይረዱታል።

ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ከወጣ በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ ይተላለፋል። እናቷ እንደነገሩኝ ልጅቷ ሰኞና ማክሰኞ አተኩሷት ቤት ውላለች። ረቡዕ ግን የሒሳብ ፈተና ስለነበር ትኩሳቱ ጋብ ሲል ልከዋታል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የተጋለጠው በአንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ ረቡዕ መጋቢት 3፣ ከ2:30 እስከ 6:15።

ያ ጠዋት ግን ቀላል አይደለም። በሽታው በአየር ነው የሚተላለፈው፤ ታማሚው ከወጣ በኋላም እስከ 2 ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ከታማሚው ጋር አብረው ከዋሉ፣ መከላከያ ከሌላቸው 10 ሰዎች መካከል 9ኙ ሊያዙ ይችላሉ። የእኛን ከተማ ብርድ ያውቁታል፤ መስኮት ተከፍቶ አልዋለም። 61 ልጅ በአንድ ክፍል፣ ሦስት ሦስት ሆኖ በአንድ ዴስክ። በዚያ ላይ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች 6:45 ላይ እዚያው ክፍል ስለሚገቡ እነሱንም እንደተጋለጡ እንቆጥራቸዋለን። ክፍሉን በበረኪና ማሳጠብ አያስፈልግዎትም፤ መስኮቶቹን ብቻ ያስከፍቱልኝ።

አሁን ስለ ሰዓቱ። መከላከያ የሌለው ልጅ ከተጋለጠ በ72 ሰዓት ውስጥ ክትባቱን ካገኘ በሽታው ሊቀርለት፣ ባይቀርም ሊቀልለት ይችላል። ከረቡዕ ጠዋት 2:30 ከቆጠርን ጊዜው የሚያልቀው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ላቦራቶሪውን ብንጠብቅ ያልፍብናል። ስለዚህ ነገ ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ቀዝቃዛ ሣጥን ይዘን እንመጣለን። የከሰዓቱን ፈረቃ ልጆች ጠዋት ማምጣት ከቻሉ መልካም፤ ካልቻሉ እስከ 8 ሰዓት እንቆያለን። ክትባቱ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ በተለያየ ቀን በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ብክነት ነው።

«ልጄ በሕፃንነቱ ተከትቧል» የሚል ወላጅ ብዙ ይመጣብዎታል፤ አብዛኞቹም እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ሁለተኛው የኩፍኝ ዶዝ፣ በ15 ወር የሚሰጠው፣ በመደበኛው ፕሮግራም የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው። የዛሬ የ3ኛ ክፍል ልጆች ያኔ ያንን ዕድሜ አልፈዋል። በ9 ወር የተሰጠ አንድ ዶዝ ከ100 ልጅ ወደ 85ቱን ይከላከላል፤ ሁለት ዶዝ ሲሆን ወደ 97 ይደርሳል። በዘመቻ የተከተቡም አሉ፣ ካርዳቸው ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ስለዚህ ካርድ ፍለጋ ጊዜ አናጥፋ፤ አንድ ዶዝ መጨመር ጉዳት የለውም። ጭራሽ ተከትቦ የማያውቅ ልጅ ካለ ሁለተኛውን ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ሚያዝያ 3፣ ጤና ጣቢያ መጥቶ ይወስዳል።

የማይከተቡም አሉ። ነፍሰ ጡር መምህርት ካለች ክትባቱን አንሰጣትም፤ ረቡዕ እዚያ ክፍል ገብታ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ትደውልልኝ። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ሕመም ያለበት ወይም እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ ወላጁ ለእኔ ብቻ ይንገረኝ፤ በሰልፍ ፊት እንዳይጠየቅ።

ከክፍል ስለ መቅረት። የታመመችው ተማሪ እስከ ሰኞ መጋቢት 8 ቤት ትቆያለች፤ ትኩሳቷ ከለቀቃት ማክሰኞ መጋቢት 9 ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ ወረቀት አይጠይቋት። 1ኛ ክፍል ያለው ወንድሟ ነገሩ ከበድ ይላል፦ ተከትቦ አያውቅም፣ ከእሁድ ጀምሮ አብሯት እየተኛ ስለሆነ 72 ሰዓቱ አልፎበታል፣ መጋለጡም እስከ መጋቢት 8 ይቀጥላል። ዛሬ ከትበነዋል፣ ነገር ግን እስከ መጋቢት 29 ቤት ይቆያል። ሌሎቹ የሁለቱ ፈረቃ ልጆች ነገ ከተከተቡ ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ። ቀድሞ መከተቡን የሚያሳይ ካርድ የሌለውና ወላጁ ክትባቱን ያልፈቀደለት ልጅ ግን ከረቡዕ ጀምሮ 21 ቀን፣ እስከ መጋቢት 24፣ ቤት ይሆናል። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ልጁንም ጎረቤቱንም ለመጠበቅ ነው። ሌላ ታማሚ ከተገኘ ቆጠራው ከእሱ ይጀምራል። ትምህርት ቤቱን መዝጋት አያስፈልግም፤ ልጆቹ በየሰፈሩ አብረው ስለሚጫወቱ መዝጋቱ አይጠቅመንም።

ከመጋቢት 10 እስከ 24 ድረስ የክፍሉ መምህራን ዓይናቸውን ይጣሉልኝ፦ ትኩሳት፣ ሳል፣ የቀላ ዓይን። በነዚሁ ቀናት፣ በተለይ እስከ መጋቢት 17፣ ክትባቱ ራሱ ቀለል ያለ ትኩሳት፣ አንዳንዴም ሽፍታ ሊያመጣ ስለሚችል በዓይን አይለይም። ያተኮሰውን ሁሉ ወደ ቤት ይላኩና ለእኔ ይደውሉ። ወላጁም ወደ ጤና ጣቢያ ከመምጣቱ በፊት ይደውል፤ በተራ መጠበቂያው ከሕፃናት ጋር እንዳይቀላቀል በጓሮ በር እናስገባዋለን።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎ። የልጅቷ እናት እኔ ፊት እያለቀሱ «ፈተና ካመለጣት ዜሮ ነው አሉኝ» አሉኝ። ጥፋተኛ አይደሉም። በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ታሞ የቀረ ልጅ ፈተናው እንደሚደገምለት ዛሬውኑ በሰልፍ ቢያውጁልኝ ከማንኛውም ማስጠንቀቂያ ይበልጥ ይረዳናል። የልጅቷ ስም ግን አይጠራ።

በደብተር ለወላጆች የሚላከውን እንዲህ ብጽፈውስ ብዬ አሰብኩ፤ ቢያሻሽሉትም ግድ የለም፦

«ውድ ወላጅ፣ በልጅዎ ክፍል ኩፍኝ ታይቷል። ነገ ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በትምህርት ቤታችን በነፃ ክትባት ይሰጣል። ልጅዎን ቁርስ አብልተው፣ የክትባት ካርድ ካለ አስይዘው ይላኩ። ፈቃድዎን ከዚህ በታች በፊርማዎ ይግለጹልን። ልጅዎ ዛሬ ካተኮሰው አይላኩት፤ ይደውሉልን።»

«ኩፍኝ መርፌ አይወድም» የሚሉ አያቶች ይኖራሉ። እሱ የሚባለው ለታመመ ልጅ ነው፣ ይህ ደግሞ ላልታመመው ነው ብለው ይመልሱላቸው፤ ለታመመውም ቢሆን ሕክምና እንደማይጎዳው ነገ እኔው አስረዳለሁ። የታመመችው ልጅ ዛሬ የቫይታሚን ኤ ጠብታ ወስዳለች፣ ነገ ትደግማለች፤ ዓይኗን ለማትረፍ ነው።

ለነገ አንድ ባዶ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛና የሁለቱን ፈረቃ የስም ዝርዝር ያዘጋጁልኝ።

ከሠላምታ ጋር
የጤና ጣቢያው የሕፃናት ክፍል ጤና መኮንን

ግልባጭ፦
ለከተማው ጤና መምሪያ የበሽታ ቅኝት ክፍል
ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ