የጋብቻ ጥሪ፦ የሕሊና ታደሰ እና የናትናኤል ግርማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ስለዚህ አንድ ሥጋ ናቸው እንጂ ወደ ፊት ሁለት አይደሉም። እግዚአብሔር ያጣመረውን እንግዲህ ሰው አይለየው።» ማቴ. 19፥6

አዳም ብቻውን እንዳይሆን ሔዋንን የሰጠው፣ ይስሐቅን ከርብቃ ያገናኘ፣ የጦብያንና የሣራን የሌሊት ጸሎት የሰማ፣ በቃና ዘገሊላ ሰርግ ከእናቱ ከቅድስት ድንግል ማርያም ጋር ታድሞ ውኃውን ወይን ያደረገ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። እኛንም የልጆቻችንን ወግ ማዕረግ ለማየት አብቅቶናል።

የተከበራችሁ ዘመዶቻችን፣ ወዳጆቻችንና ጎረቤቶቻችን፣

ልጃችን ሕሊና ታደሰ (ወለተ ማርያም) እና ልጃችን ናትናኤል ግርማ (ኃይለ ሚካኤል) በፈቃደ እግዚአብሔር እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊልና በቅዱስ ቁርባን ጋብቻቸውን ይፈጽማሉ። በጸሎታችሁ እንድታግዙን፣ በደስታችንም እንድትካፈሉ በታላቅ አክብሮት ጠርተናችኋል።

ሥርዓተ ተክሊሉ የሚፈጸመው አራት ኪሎ በሚገኘው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ጸሎቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይጀመራል። ቀለበቱ፣ ካባውና አክሊሉ ተባርኮ ከተጠናቀቀ በኋላ ቅዳሴው ይቀጥላል። ሙሽሮቹም ሥጋውን ደሙን አብረው ይቀበላሉ።

ሰዓቱ ለብዙዎቻችሁ እንደሚከብድ እናውቃለን። ቢሆንም አንድ ነገር ከልባችን እንለምናችኋለን። ለድግሱ ብቻ አትምጡልን። ሕሊናና ናትናኤል የተዋወቁት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ንስሐ አባታቸውን አማክረው ሲጠባበቁ የቆዩት ለዚያች ንጋት ነው። ካህኑ አክሊሉን በራሳቸው ላይ ሲደፋ ከጀርባቸው የሚያውቁት ሰው ቆሞ «አሜን» ሲል እንዲሰሙ እንፈልጋለን። ከምሳውና ከቤተ ክርስቲያኑ አንዱን ብቻ የምትችሉ ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ምረጡልን። አንቀየማችሁም፤ እንዲያውም ውለታችሁ አለብን።

የጥር ንጋት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ከነጠላው በላይ ጋቢ ደርቡ። እናቶችና እህቶች ነጠላችሁን መስቀለኛ አጣፉ። ጫማ ስለሚወለቅ ለአረጋውያን ወፈር ያለ ካልሲ ያዙላቸው። በጸሎቱ ሰዓት ስልካችሁን ዝጉልን። ፎቶ የሚያነሳ አንድ ሰው መድበናል፤ ፎቶው ለሁላችሁም ይደርሳል።

መኪና ለሌላችሁ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ፊት ለፊት ከአስፋልቱ ዳር አውቶቡስ ተዘጋጅቷል። ከንጋቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል፤ አይጠብቅም። ቅዳሴው ሲያልቅም ወደ ድግሱ ቦታ የሚያደርሳችሁ እሱው ነው።

ሁለቱ ቤተሰቦች ተማክረን የምሳውን ድግስ አንድ ላይ አድርገነዋል። ቦታው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። በናትናኤል ወላጆች ቤት ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ የዕድራችን ድንኳን ይተከላል። በታክሲ የምትመጡ ከአራት ኪሎ የፈረንሳይን ታክሲ ይዛችሁ መጨረሻው ላይ ውረዱ። ነጭ ሪባን በክንዳቸው ያሰሩ ልጆች ቆመው ይጠብቋችኋል። በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም።

እንግዳ መቀበል የሚጀመረው ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሙሽሮቹ 6 ሰዓት ላይ በመዘምራን ታጅበው ይገባሉ። ከመሶቡ በፊት ምርቃት አለ። የሚመርቁት የሕሊና አያት እማማ የሺ ናቸው። ዕድሜያቸው 84 ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቤተ ክርስቲያን ማልደው መምጣት አይችሉም። ነገር ግን ሕሊና የምትለብሰውን ቀሚስና ነጠላ ፈትሉን በሙሉ የፈተሉት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ክሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ሁለት ክረምት ፈጅቶባቸዋል። ሸማኔው እዚያው ሽሮ ሜዳ ሠርቶ አደረሰው። «ምርቃቴን ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይስማው» ብለዋልና እባካችሁ ከ6 ሰዓት በፊት ግቡ።

ጊዜው የፍስክ ስለሆነ ዶሮውም፣ ክትፎውም፣ ቁርጡም አለ። ጠላውና ጠጁ የቤት ነው። አልኮል ለማትጠጡ ብርዝና ለስላሳ ተዘጋጅቷል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንና ወዳጆቻችን ከእርዱ ጀምሮ እስከ ወጡ ድረስ የሚያዘጋጁት ራሳቸው ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ድስቱም ሳህኑም ለብቻው ነው፤ ከድንኳኑ በስተቀኝ በራሱ ገበታ ይቀርባል። ሐሳብ ሳይገባችሁ ብሉ። ፈረንሳይ ሰፈር ሰርግና ኀዘን አብረን ስናልፍ 30 ዓመት ሆኖናል፤ ያለ እናንተ ድግሳችን አይሞላም።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ከድንኳኑ ጀርባ ጥላ ያለው መጫወቻ አለ።

ስለ ስጦታ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ጸሎታችሁ ይበቃናል። ሙሽሮቹ የተከራዩት ቤት ጠባብ ስለሆነ የቤት ዕቃ ባትገዙላቸው ይሻላል። አቅሙ ያለው ሰው በፖስታ አድርጎ ስሙን ጽፎ በር ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ሊያኖር ይችላል። «ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ» ብሎ የሚቀር ሰው ግን ያሳዝነናል። ባዶ እጃችሁን ኑ።

መልሱ በማግስቱ ሰኞ ጥር 18 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ሽሮ ሜዳ በሕሊና ወላጆች ቤት ይሆናል። ቤቱ ስለማይበቃ ለሁለቱም ወገን የቅርብ ዘመዶች፣ ለሚዜዎችና ለሽማግሌዎቻችን ነው። ለዚህ የተጠራችሁ አገር ልብስ ልበሱ። ሕሊና የመልስ ካባዋን የምትደርበው ያን ዕለት ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ በተለይ ዋሽንግተን ላለኸው ለሙሽራው ታላቅ ወንድም፦ ፈቃድ አጥተህ እንደማትመጣ ስትነግረን እናትህ አልቅሳለች። ካቴድራሉ ውስጥ ስልክ አይከፈትም። ምርቃቱን ግን ከድንኳኑ በቀጥታ በስልክ እናሳይሃለን። የእኛ እሑድ 6 ሰዓት ለእናንተ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ተነስተህ ጠብቀን። እማማ የሺ ስምህን ጠርተው ይመርቁሃል።

ከጥምቀት በኋላ የነነዌ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሰርግ ይደራረብባችኋል። ስለዚህ መምጣት አለመምጣታችሁንና ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ እስከ ከተራ፣ ጥር 10 ቀን ድረስ ይህን ጥሪ ላደረሰላችሁ ሰው ንገሩልን። እንጀራው የሚጋገረው በዚያ ቁጥር ነው።

ሚስትህ በቤትህ እልፍኝ እንደሚያፈራ ወይን፣ ልጆችህም በማዕድህ ዙሪያ እንደ ወይራ ቡቃያ ይሁኑ ተብሎ በመዝሙረ ዳዊት የተነገረው በረከት ለልጆቻችን ይድረሳቸው። እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ በአንድ ድንኳን ያስረጃቸው። እናንተንም የልጅ ልጅ ሰርግ ያሳያችሁ። አሜን።

አክባሪዎቻችሁ

የሙሽራይቱ ወላጆች፦ አቶ ታደሰ ወልደ ጊዮርጊስና ወ/ሮ አልማዝ ደምሴ፣ ሽሮ ሜዳ

የሙሽራው ወላጆች፦ አቶ ግርማ አበበና ወ/ሮ ጥሩወርቅ ኃይሉ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.