ሱፍሌው

መቅደስ አጎንብሳ በኦቨኑ መስታወት አየች። በተመታ የእንቁላል ነጭ የሚነፋው የፈረንሳዮች ምግብ፣ ሱፍሌው፣ ከሳህኑ ጠርዝ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። አናቱ ቀልቷል። የፎርማጆው ሽታ ወጥ ቤቱን ሞልቶታል።

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ እትዬ አልማዝ ቤት ከተቀጠረች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው። የዛሬዎቹ እንግዶች የሟች ባለቤታቸው የምድር ባቡር ባልደረቦች ናቸው። ሱፍሌ ያማራቸውም እነሱ ናቸው፤ በጉብዝናቸው ጊዜ ከፈረንሳዮቹ ጋር በልተውታል።

ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመድ ከረመች። አንድ ቀን ትንሽ አስኳል ነጩ ውስጥ ጠብ አለባትና ቢመታ ቢመታ አረፋ አልሆን አለ። ሌላ ቀን ቸኩላ ኦቨኑን ከፈተችውና ሱፍሌው ወደቀባት። ዛሬ ግን ሁሉም ተሳክቷል። ነጩን መታ መታ አድርጋ ሳህኑን ገለበጠችው፤ ጠብ አላለም። ከወተትና ከዱቄት የሠራችው ቤሻሜል ላይ ቀስ ብላ አዋሃደችው።

የበሩ ደወል ተደወለ። መጡ! ጓንቷን አጥልቃ አወጣችው።

እንግዶቹ ግን በር ላይ ናቸው። አንዱ አንዱን አቅፎ ይስማል። "ልጆቹስ?" "ደህና ናቸው፣ ያንተስ?" ዓመት ሙሉ ያልተያየ ሰው እንዴት ዝም ብሎ ይቀመጣል? ደግሞ ሙቀቱ አያድርስ ነው። አንዱ የጣሪያውን ቬንትሌተር እስከ መጨረሻው ከፈተው።

መቅደስ ሳህኑን እንደያዘች ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። መሃሉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አየች። ከስንጥቋ እንፋሎት ቱፍ አለ። እንግዶቹ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ሱፍሌው ድምፅ ሳያሰማ ወደ ውስጥ ሰመጠ።

ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች።

"የኔ ልጅ።"

ጋሼ ታዬ ናቸው፣ ከሁሉም ሸምገል ያሉት። ማንኪያ ይዘዋል።

"ቀመስኩት። ጣዕሙ ያው ራሱ ነው።"

"ወደቀ እኮ ጋሼ። እትዬን አሳፈርኳቸው።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ? እኛ ነን ያጠፋነው። ባቡር ሰላምታ እስክንጨርስ ቆሞልን ያውቃል እንዴ? ተሳፋሪ ነው ቀድሞ የሚቀመጠው።" የእንቁላሉን ትሪ አዩ። "ስንት ቀርቷል?"

"ስድስት።"

"በቂ ነው። እሱን እየበላን እንጠብቃለን። ስታወጪው ማንም ከወንበሩ አይነሳም፤ እኔ አለሁ።" በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ። "ቬንትሌተሩንም አጠፋዋለሁ።"

መቅደስ እጇን ታጥባ በደንብ አደረቀች። የመጀመሪያውን እንቁላል ሰበረች። አስኳሉን ከቅርፊት ወደ ቅርፊት እያገላበጠች ነጩን ወደ ጎድጓዳው ሳህን አወረደች። ከሳሎን የማንኪያ ድምፅ ይሰማል።