ሴሉላር ሬስፒሬሽን፦ ከሦስት መምህራን ኖት የተዋሃደ የማጥኛ ጽሑፍ

ለአንደኛ ዓመት የጤና ተማሪዎች

የተዋሃዱት ሦስት ኖቶች ናቸው፦ የጄኔራል ባዮሎጂ ሃንድአውት (ሀ)፣ የባዮኬሚስትሪ ስላይድ (ለ) እና የፊዚዮሎጂ የክፍል ኖት (ሐ)። ሦስቱም የተስማሙበት ሐሳብ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ምልክት ተጽፏል። ባልተስማሙበት ቦታ «ልዩነት» የሚል ምልክት አለ፤ የትኛውን እንደያዝንና ለምን እንደያዝን እዚያው ተገልጿል። አብዛኛው ልዩነት ስህተት አይደለም። አንዱ መምህር ስለ ጉበት፣ ሌላው ስለ ጡንቻ ሲናገር ቁጥሩ ይለያያል፤ አንዱ የቆየውን፣ ሌላው አዲሱን ስሌት ሲጠቀምም እንዲሁ።

ጠቅላላ እኩልታ፦

C6H12O6 + 6O2 → 6CO2 + 6H2O + ጉልበት

1. ግላይኮሊሲስ

ቦታው ሳይቶሶል ነው፤ ኦክስጅን አይፈልግም፤ 10 ሪአክሽኖች አሉት። አንድ ግሉኮስ (6 ካርቦን) ወደ ሁለት ፓይሩቬት (3 ካርቦን) ይከፈላል። ሄክሶካይኔዝና ፎስፎፍራክቶካይኔዝ አንድ አንድ ኤቲፒ ይፈጃሉ፤ በኋላ 4 ኤቲፒ ይመረታል። ከዚህ ሌላ 2 ኤንኤዲኤች ይገኛል።

ልዩነት፦ ሀ «4 ኤቲፒ»፣ ለ «2 ኤቲፒ»፣ ሐ «3 ኤቲፒ» ይላሉ። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የሚቆጥሩት ነገር ግን የተለያየ ነው። 4 ጠቅላላ ምርቱ ነው። 2 ወጪው ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። የሐ 3 ደግሞ መነሻው ግላይኮጅን ሲሆን ነው፤ ከግላይኮጅን የሚላቀቀው ግሉኮስ ፎስፌት ይዞ ስለሚወጣ የሄክሶካይኔዙ ኤቲፒ አይወጣም። ጥያቄው «ኔት» ካለና ግላይኮጅንን ካልጠቀሰ መልሱ 2 ነው።

2. ከፓይሩቬት ወደ አሴቲል ኮኤ፣ ከዚያም ክሬብስ ሳይክል

ፓይሩቬት ወደ ማይቶኮንድሪያ ማትሪክስ ይገባል። ፓይሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝ አንድ ካርቦን በካርቦንዳይኦክሳይድ መልክ አውጥቶ አሴቲል ኮኤ ይሠራል። ይህ ኢንዛይም ከቫይታሚን ቢ1 የሚሠራ ረዳት ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው በቢ1 እጥረት ብዙ ኤቲፒ የሚፈልጉት አንጎልና ልብ ቀድመው የሚጎዱት። ለክሊኒክ ትምህርት ስለሚጠቅም እዚሁ ያዙት።

ክሬብስ ሳይክል 8 ሪአክሽኖች አሉት። አንድ አሴቲል ኮኤ አንድ ዙር ሲዞር 3 ኤንኤዲኤች፣ 1 ኤፍኤዲኤች2፣ 1 ጂቲፒ እና 2 ካርቦንዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ለአንድ ግሉኮስ ሁሉንም በሁለት አባዙ።

ልዩነት፦ ሀ ክሬብስ ሳይክል ለአንድ ግሉኮስ 8 ኤንኤዲኤችና 6 ካርቦንዳይኦክሳይድ ይሰጣል ይላል። ለ 6 ኤንኤዲኤችና 4 ካርቦንዳይኦክሳይድ ይላል። ሀ የፓይሩቬትን እርምጃ ከሳይክሉ ጋር ደምሮ ስለቆጠረ ነው። የለን አከፋፈል ይዘናል፤ ካርቦን በመቁጠር ይረጋገጣል፦ ወደ ሳይክሉ የሚገቡት ሁለት አሴቲሎች 4 ካርቦን ብቻ ስለያዙ በአጠቃላይ ከ4 በላይ ካርቦንዳይኦክሳይድ ሊያወጡ አይችሉም።

ልዩነት፦ ሀ «ኤቲፒ»፣ ለ «ጂቲፒ» ይላሉ። በሰው ሴል ውስጥ ኢንዛይሙ ሁለት ዓይነት ስለሆነ ሁለቱም ይሠራሉ። ጂቲፒ ፎስፌቱን ለኤዲፒ ስለሚሰጥ በስሌት 1 ጂቲፒ = 1 ኤቲፒ ነው።

ልዩነት፦ ሐ «የክሬብስ ኢንዛይሞች በሙሉ ማትሪክስ ውስጥ ናቸው» ይላል። አንዱን መለየት ያስፈልጋል፦ ሰክሲኔት ዲሃይድሮጂኔዝ ከውስጠኛው ሽፋን ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱ ራሱ ኮምፕሌክስ 2 ነው።

3. ኤሌክትሮን ትራንስፖርት እና ኤቲፒ ሲንቴዝ

ቦታው የማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ሽፋን ነው። ኤንኤዲኤች ኤሌክትሮኑን ለኮምፕሌክስ 1 ይሰጣል። ኤፍኤዲኤች2 በኮምፕሌክስ 2 በኩል ስለሚገባ የመጀመሪያውን ፓምፕ ያልፈዋል። ለአንድ ጥንድ ኤሌክትሮን ኮምፕሌክስ 1 አራት፣ ኮምፕሌክስ 3 አራት፣ ኮምፕሌክስ 4 ሁለት ፕሮቶን ያወጣሉ፤ ኮምፕሌክስ 2 ምንም አያወጣም። ስለዚህ ከኤንኤዲኤች 10፣ ከኤፍኤዲኤች2 6 ፕሮቶን።

ልዩነት፦ ሐ «የምንተነፍሰው ኦክስጅን ካርቦንዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለው። ይህ ስህተት ስለሆነ አልያዝነውም። ኦክስጅኑ ኮምፕሌክስ 4 ላይ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ውሃ ይሆናል። ካርቦንዳይኦክሳይዱ የሚወጣው ቀደም ብሎ፣ ኦክስጅን በቀጥታ በማይሳተፍባቸው ሪአክሽኖች ነው።

4. ትልቁ ልዩነት፦ 38፣ 36፣ 32 ወይስ 30?

ሀ 38፣ ሐ 36፣ ለ «30 ወይም 32» ይላሉ። ግራ የሚያጋባው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ስለተቀላቀሉ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ኤንኤዲኤች ስንት ኤቲፒ ያስገኛል የሚለው ነው። የቆየው ስሌት 3፣ ለኤፍኤዲኤች2 ደግሞ 2 ይል ነበር፤ ቁጥሩ የግድ ሙሉ መሆን አለበት ተብሎ ይታሰብ ስለነበር። ፒተር ሚቸል በ1961 ባቀረበው ኬሚኦስሞቲክ ሐሳብ መሠረት ግን ኤቲፒ የሚሠራው በፕሮቶን ፍሰት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሙሉ እንዲሆን የሚያስገድድ ነገር የለም። አንድ ኤቲፒ በግምት 4 ፕሮቶን ይፈጃል፦ 3 ሲንቴዙን ለማዞር፣ 1 ፎስፌትን ወደ ውስጥ ለማስገባት። 10 ÷ 4 = 2.5፤ 6 ÷ 4 = 1.5።

ሁለተኛው ጥያቄ በሳይቶሶል የተሠሩት 2 ኤንኤዲኤች እንዴት ይገባሉ የሚለው ነው። ሽፋኑ በቀጥታ አያሳልፋቸውም፤ ኤሌክትሮናቸው ብቻ በሸትል ይሻገራል። በማሌት–አስፓርቴት ሸትል (ጉበት፣ ልብ፣ ኩላሊት) ዋጋቸው አይቀንስም። በግሊሴሮል ፎስፌት ሸትል (በተለይ የአጽም ጡንቻና አንጎል) እንደ ኤፍኤዲኤች2 ይቆጠራሉ።

ስሌቱ በአዲሱ ቁጥር፣ በማሌት–አስፓርቴት ሸትል፦

10 ኤንኤዲኤች × 2.5 = 25
2 ኤፍኤዲኤች2 × 1.5 = 3
በቀጥታ የተሠራ (2 ከግላይኮሊሲስ፣ 2 ከክሬብስ) = 4
ድምር = 32

በግሊሴሮል ፎስፌት ሸትል ሁለቱ የሳይቶሶል ኤንኤዲኤች 5 ሳይሆን 3 ስለሚሰጡ ድምሩ 30 ይሆናል። በቆየው ስሌት በተመሳሳይ መንገድ 30 + 4 + 4 = 38፣ ሸትሉ ሲቀየር 36።

የያዝነው 30–32 ነው። በፈተና ላይ ግን ምርጫዎቹን አስቀድማችሁ እዩ፦ 38ና 36 ብቻ ካሉ ጥያቄው በቆየው ስሌት የተዘጋጀ ነው። ጽፋችሁ የምትመልሱ ከሆነ ቁጥሩን ብቻውን አትተዉ፤ «በ2.5 እና 1.5 ስሌት፣ በማሌት–አስፓርቴት ሸትል» ብላችሁ ጻፉ። በሕያው ሴል ውስጥ ፕሮቶን በሽፋኑ ስለሚያፈስ ትክክለኛው ምርት ከዚህም ያንሳል።

5. ኦክስጅን ሲያጥር

ፓይሩቬት ወደ ላክቴት ይቀየራል። ሀ «ፈርመንቴሽን 2 ኤቲፒ ይሰጣል» ይላል። 2ቱ ኤቲፒ የግላይኮሊሲስ ናቸው፤ የላክቴቱ እርምጃ ራሱ ምንም ኤቲፒ አይሰጥም። ጥቅሙ ግላይኮሊሲስ እንዳይቆም ኤንኤዲ+ን መመለስ ነው። ቀይ የደም ሴል ማይቶኮንድሪያ ስለሌለው ኦክስጅን ተሸክሞም በዚሁ መንገድ ብቻ ይኖራል።

6. ራሳችሁን ፈትኑ

1. ሳያናይድ ኮምፕሌክስ 4ን ሲዘጋ ክሬብስ ሳይክል ለምን ይቆማል? ሳይክሉ ኦክስጅን በቀጥታ አይጠቀምም።
2. ዲኤንፒ ሽፋኑን ለፕሮቶን ክፍት ሲያደርግ የኦክስጅን ፍጆታ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?
3. ከአንድ አሴቲል ኮኤ ስንት ኤቲፒ ይገኛል?

መልስ፦ (1) ኤንኤዲኤች ኤሌክትሮኑን የሚያራግፍበት ስለሚያጣ ኤንኤዲ+ ያልቃል። (2) ይጨምራል፤ ፓምፖቹ ሳይገደቡ ይሠራሉ፤ ኤቲፒ ግን ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ሙቀት ይሆናል። (3) 3 × 2.5 + 1.5 + 1 = 10፤ በቆየው ስሌት 12።