ከብድር ማመልከቻዬ ጋር የተያያዙት የሽያጭ ግራፎች ማብራሪያ

ለባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ለጽህፈት መሣሪያ ሱቄ ከጠየቅሁት የሥራ ማስኬጃ ብድር ጋር ያያያዝኳቸውን ግራፎች ስለማብራራት

ጤና ይስጥልኝ።

ማመልከቻዬን ከአራት ግራፎች ጋር አስገብቻለሁ። ግራፎቹን ዝም ብሎ ያያቸው ሰው ሁለት ነገር ሊያስብ ይችላል። አንዱ፣ ሱቁ ባለፉት ወራት በድንገት ተመንድጓል የሚል ነው። ሌላው፣ ትምህርት ሲከፈት የሚኖረው ገበያ ጣሪያው ላይ ደርሷል የሚል ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የጠየቅሁት ብድር ደግሞ በቀጥታ የሚያያዘው ከሁለተኛው ጋር ስለሆነ፣ ውሳኔ ከመስጠትዎ በፊት ይህን ደብዳቤ እንዲያነቡልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሮቹ። ግራፎቹ የሚያሳዩት ያለፉትን 36 ወራት ነው። የወሩን ሽያጭ ያገኘሁት በየቀኑ ከተቆረጡት ደረሰኞች ነው። የገንዘቡ ልክ በሠንጠረዡ ላይ በዝርዝር አለ። በግራፎቹ ላይ ግን ለማነጻጸር እንዲቀል የመጀመሪያውን ዓመት አማካይ የወር ሽያጭ 100 ብዬ፣ ሌላውን ሁሉ ከዚያ አንጻር አስቀምጫለሁ። 122 የሚል ካዩ፣ ከመጀመሪያው ዓመት አማካይ በ22 በመቶ ይበልጣል ማለት ነው። የሽያጭ መጠን የሚያሳዩት ግራፎች ሁሉ ቋሚ መስመራቸው ከዜሮ ይጀምራል። ከ80 ወይም ከ90 ቢጀምር ትንሿም ጭማሪ ተራራ መስላ ትታይ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ብዙ ዕቃ ገዝቶኝ ነበር። ያንን ሽያጭ ከመስመሩ አውጥቼ በነጠላ ነጥብ አሳይቼዋለሁ። ገንዘቡ ገብቷል፣ ደረሰኙም አለ። ግን በየዓመቱ የሚመጣ ስላልሆነ ብድር የመክፈል አቅሜ ውስጥ ሊቆጠር አይገባም።

ግራፍ 1 ሁለት መስመር አለው። ቀጭኑ የየወሩ ሽያጭ ነው። ወፍራሙ ደግሞ የ12 ወር ተንቀሳቃሽ አማካይ ነው፤ የትምህርት ወቅት የሚያመጣውን መውጣትና መውረድ ያለዝበዋል። ዓመታዊ አማካዩ በመጀመሪያው ዓመት 100፣ በሁለተኛው 108፣ በሦስተኛው 122 ነው።

ወፍራሙ መስመር ከወር 32 እስከ ወር 34 ቀጥ ብሎ ሲወጣ ያያሉ። እሱን አይመኑት። ምክንያቱ ያለው ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ነው። ከወር 20 እስከ ወር 22 ወደ ሱቁ የሚያስገባው መንገድ ለጥገና ተቆፍሮ ነበር። መኪና አይደርስም፣ እግረኛም ዞሮ ነበር የሚመጣው። ሽያጩ ወደ 71፣ 68 እና 74 ወረደ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በእነዚሁ ወራት 84፣ 82 እና 86 ነበር። የ12 ወር አማካይ እያንዳንዱን ወር ለአንድ ዓመት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሦስቱ ደካማ ወራት ከስሌቱ የወጡት በወር 32፣ 33 እና 34 ነው። በቦታቸው 93፣ 92 እና 95 ሲገቡ አማካዩ በአምስት ነጥብ ተኩል ያህል ዘለለ። በእነዚያ ወራት ሱቁ ውስጥ የተለየ ነገር አልተፈጠረም።

ግራፍ 2 ይህንን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ወር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ተነጻጽሯል። ከዜሮ በታች የወረዱት ሦስት ዘንጎች መንገዱ የተቆፈረባቸው ወራት ናቸው። በእነዚያ ወራት ኪራይ አላሳደርኩም፣ የአቅራቢም ዕዳ አላዘገየሁም። የሒሳብ መግለጫዬ ላይ ክፍያዎቹን በየቀናቸው ያገኟቸዋል።

የሦስተኛው ዓመት ዕድገት በጥቅሉ 13 በመቶ ነው። ሦስቱን ወራት ከሁለቱም ዓመታት ካወጣናቸው ግን 9 በመቶ ይሆናል። ትክክለኛው ቁጥር ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ ውስጥ የዋጋ ጭማሪም አለ። ዘወትር የሚሸጡ 20 ዕቃዎች መርጬ ዋጋቸውን ስከታተል ነበር፤ በዓመቱ በአማካይ 6 በመቶ ጨምረዋል። ስለዚህ በዕቃ ብዛት ያደግነው 3 በመቶ ገደማ ነው። በሁለተኛው ዓመት በተመሳሳይ ስሌት ወደ 7 በመቶ ነበር።

ታዲያ ዕድገቱ ለምን ቀነሰ? ብድሩን የጠየቅሁበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው።

ትምህርት የሚከፈትባቸው ወራት በግራፍ 1 ላይ ወር 3፣ ወር 15 እና ወር 27 ናቸው። ሽያጫቸው 190፣ ከዚያ 214፣ ከዚያ 221 ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የ13 በመቶ ጭማሪ አለ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ግን 3 በመቶ ብቻ። በዚያው ዓመት ሌሎቹ ወራት፣ የመንገዱን ወራት ሳንቆጥር፣ በ11 በመቶ ጨምረዋል። ዋጋ በ6 በመቶ ጨምሮ ሽያጭ በ3 በመቶ ብቻ ካደገ፣ ገበያው በሚደራበት ወር ከአምናው ያነሰ ዕቃ ሸጥኩ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ደንበኛ እየጨመረ፣ ሁሉም ሰው በሚገዛበት ወር ሊቀንስ አይችልም።

መልሱ ግራፍ 3 ላይ አለ። ወር 27ን ብቻ በቀን በቀን ያሳያል። ሰማያዊው መስመር ደብተር ነው፤ በወሩ የመጀመሪያ አጋማሽ ከሽያጩ 38 በመቶውን የያዘው እሱ ነው። እስከ 17ኛው ቀን ድረስ ይወጣል። በ18ኛው ቀን ዜሮ ነው። እስከ 25ኛው ቀን ድረስም ዜሮ ነው። በ26ኛው ቀን አዲስ ጭነት ሲገባ እንደገና ይነሳል። በእነዚያ ቀናት መደርደሪያው ባዶ ነበር። አቅራቢው ዕቃ ነበረው፤ የሚፈልገው ግን እጅ በእጅ ክፍያ ነው። የእኔ ገንዘብ ደግሞ በዱቤ በወሰዱ ትምህርት ቤቶች እጅ ነበር።

ከሰማያዊው በታች ያለውን አረንጓዴ መስመርም ይመልከቱልኝ። እስክሪብቶ፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና መቅረጫ ነው። እነዚህ አላለቁም። መደርደሪያው ሙሉ ነበር። ግን ከ18ኛው ቀን ጀምሮ የእነሱም ሽያጭ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ወላጅ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ነው መግዛት የሚፈልገው። ደብተር የለም ሲባል እስክሪብቶውንም ትቶ ይሄዳል። ሻጮቼ «አለ?» ተብለው የለም ያሉትን ዕቃ ሁሉ በመዝገብ ይጽፋሉ። የእነዚያን ቀናት ገጾች ቅጂ አያይዣለሁ። አንድ ሰው ሁለቴ ሊጠይቅ ስለሚችል ቁጥሩን ወደ ሽያጭ ቀይሬ ግራፉ ላይ አልጨመርኩትም። ግን ገጾቹን ማየቱ ብቻ ብዙ ይነግርዎታል።

እንግዲህ ግራፍ 1 ላይ በወር 27 የሚታየው ጫፍ የሚያሳየው የእኔን ክምችት ልክ ነው። የደንበኛው ፍላጎት ከዚያ በላይ ነበር፤ በስንት እንደሚበልጥ ግን ከዚህ ግራፍ ማወቅ አይቻልም። ለዚህም ነው የብድሩን መጠን በምኞት ያልወሰንኩት። የጠየቅሁት ካለፈው ዓመት አማካይ የአንድ ወር ሽያጭ ጋር እኩል ነው፤ በግራፉ አቆጣጠር 122 ነጥብ። ሙሉ በሙሉ ለደብተርና አብረውት ለሚሸጡ ዕቃዎች የሚውል ነው፣ የሚገዛውም ትምህርት ከመከፈቱ ሁለት ወር በፊት ነው። ደብተር በዓመቱ ባይሸጥ እንኳ አይበላሽም፤ ለቀጣዩ ወቅት ይተላለፋል።

ግራፍ 4 ሽያጭንና ባንክ የገባ ገንዘብን ጎን ለጎን ያሳያል። በወር 27 ተቀማጩ ከሽያጩ በብዙ ያንሳል፤ በወር 28 እና 29 ደግሞ ይበልጣል። ከሽያጬ 18 በመቶ ያህሉ በዱቤ ነው፤ ትምህርት ቤቶች በአማካይ በ45 ቀን ይከፍላሉ። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ከሽያጩ 94 በመቶው ሒሳቤ ውስጥ ገብቷል። የቀረው 6 በመቶ ለጥቃቅን ወጪዎች ከካዝና በቀጥታ የተከፈለ ነው፤ ደረሰኙ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ልለምንዎ፤ የመክፈያውን መርሃ ግብር በተመለከተ ነው። ከ100 ነጥብ ሽያጭ የዕቃው ዋጋ ተቀንሶ 22 ነጥብ ይቀረኛል። ኪራይ፣ የእኔን ጨምሮ ደመወዝ፣ መብራትና ግብር በወር 13 ነጥብ ይወስዳሉ። በአማካይ ወር ወደ 14 ነጥብ ገደማ ይተርፋል። እንደ ወር 32 ባለ ቀዝቃዛ ወር ግን ከ7 ነጥብ ብዙ አይበልጥም። ብድሩ በ12 እኩል ክፍያ ቢከፋፈል በወር ከ10 ነጥብ በላይ ነው፣ ወለዱን ሳይጨምር። በቀዝቃዛዎቹ ወራት አልችለውም።

ስለዚህ የማቀርበው ይህንን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ወለድ ብቻ ልክፈል። ትምህርት ከተከፈተበት ወር ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ከዋናው ብድር 70 በመቶውን ልመልስ፤ በብድሩ የተገዛው ዕቃ ተሸጦ፣ የዱቤውም ገንዘብ ተሰብስቦ የሚገባው ያኔ ነው። ቀሪውን 30 በመቶ በሰባት ወር እከፍላለሁ፤ በወር ከ5 ነጥብ ትንሽ ይበልጣል። መንገዱ ከተቆፈረባቸው ወራት በጣም እንደደከመው ወር ሽያጭ በ17 በመቶ ቢወርድ ግን በቀዝቃዛ ወር የሚተርፈው 4 ነጥብ ብቻ ነው። ያንን ጉድለት ለመሸፈን የሁለት ወር ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ብድሩ እስኪያልቅ በባንካችሁ ታግዶ እንዲቀመጥ ፈቃደኛ ነኝ።

የብድር ባለሙያዎ ደረሰኞቹንና መዝገቡን ከግራፎቹ ጋር ማመሳከር ከፈለጉ ሱቁ በሥራ ቀን ሁሉ ክፍት ነው። ዋናዎቹን ሰነዶች አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። አቅራቢው ዕቃ ለመያዝ ከወቅቱ ሁለት ወር በፊት ቁርጥ ያለ ትዕዛዝ ስለሚፈልግ፣ ውሳኔው ከዚያ በፊት ቢደርሰኝ ትልቅ እገዛ ይሆንልኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጽህፈት መሣሪያ ሱቁ ባለቤት

አባሪ፦ አራት ግራፎች፣ የ36 ወር የሽያጭ ሠንጠረዥ፣ የሒሳብ መግለጫ፣ ያልተገኙ ዕቃዎች መዝገብ ቅጂ